«ክትትልና ግምገማ» የሚል ርዕስ ቅጹ ላይ የለም፤ ታዲያ የት ላስገባው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጅማ ባለ የአገር ውስጥ ድርጅት ፕሮግራም ኦፊሰር ነኝ። ለአውሮፓ ኅብረት ጥሪ ፕሮፖዛል እያዘጋጀን ነው። ሥራው ሰቃ ጨቆርሳ፣ ማናና ጎማ ላይ ነው። 1,200 ቡና አምራች ቤተሰብ፣ 24 ወር፣ ወደ 30 ሚሊዮን ብር። የበጀት ቅጹ ላይ ክትትልና ግምገማ የሚል ርዕስ አጣሁ። ስለዚህ 5 በመቶ ብዬ ‹ሌላ› የሚለው ላይ በአንድ መስመር ጣልኩት። የፋይናንስ ኃላፊያችን ደግሞ ይሄ አስተዳደራዊ ወጪ ነው ይላሉ። ማናችን ልክ ነን?»

እህቴ፣ ሁለታችሁም አይደላችሁም። ግን የሁለታችሁም ስሕተት ከየት እንደመጣ ስለማውቀው አልፈርድባችሁም። እኔም አንድ ጊዜ እንዳንቺው 900,000 ብር በአንድ መስመር ጥዬ ልኬ አውቃለሁ። ለጋሹ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል አንድ መስመር ጥያቄ ሰደደልኝ። መልሱን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ምክንያቱም ቁጥሩ ከምንም አልመጣም፤ ከጭንቅላቴ ነው የመጣው።

መጀመሪያ ቅጹን እንረዳው። የኅብረቱ የተለመደው የበጀት ቅጽ የተደራጀው በዓላማ አይደለም፤ በሚገዛው ነገር ዓይነት ነው። 1 የሰው ኃይል፣ 2 ጉዞ፣ 3 መሣሪያና አቅርቦት፣ 4 የአካባቢ ጽሕፈት ቤት፣ 5 ሌሎች ወጪዎችና አገልግሎቶች፣ 6 ሌላ። ከዚያ የመጠባበቂያና ቀጥተኛ ያልሆኑ ወጪዎች መስመሮች ይመጣሉ። (ቁጥሩ ከጥሪ ጥሪ ሊዛነፍ ስለሚችል የራስሽን ጥሪ ቅጽ ከፍተሽ አመሳክሪ።) እንዲህ ባለ ቅጽ ላይ «ይህ ለክትትል ነው» የሚለው መልስ ቦታ አይመራሽም። ቦታ የሚመራሽ ጥያቄ «በዚህ ገንዘብ የምንገዛው ምንድን ነው? የሚሠራውስ ማነው?» የሚለው ነው። ደመወዝ ከሆነ 1 ላይ ነው። የመስክ መጓጓዣ ከሆነ 2 ላይ፣ የፕሮጀክቱ መኪና ነዳጅ ከሆነ 4 ላይ ነው። ከውጭ የሚገዛ ጥናት ከሆነ 5 ላይ ነው። ስለዚህ ክትትልና ግምገማ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ይበታተናል። መበተኑ ጥፋት አይደለም፣ ቅጹ የሚፈልገው እሱን ነው።

ስለ 5 በመቶው ደግሞ። በዘርፉ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲባል ትሰሚያለሽ። ያ ልማድ ነው እንጂ ስሌት አይደለም። ለመጨረሻ ማጣሪያ ይጠቅማል፤ ለመነሻ አይሆንም። መነሻው የሎግፍሬምሽ አመልካቾች ናቸው። እያንዳንዱን አመልካች ይዘሽ መረጃው ከየት ይመጣል፣ ማን ይሰበስበዋል፣ በስንት ጊዜ አንዴ ብለሽ ጠይቂ። «የሥልጠና ተሳታፊዎች ቁጥር» የሚለው አመልካች ወጪው የመገኘት ወረቀት ብቻ ነው። «የቤተሰቡ የቡና ገቢ በ20 በመቶ ጨመረ» የሚለው ግን ሁለት የቤት ለቤት ዳሰሳ ያስከትላል፤ አንዱ መነሻ ላይ፣ አንዱ መጨረሻ ላይ። ብዙ ጊዜ ሎግፍሬሙን አንድ ሰው ይጽፈዋል፣ በጀቱን ሌላ ሰው። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ነው ፕሮፖዛሉ የሚላከው። ከዚያ መጨረሻ ላይ ገቢው መጨመሩን የሚያሳይ ብር የለም።

እስቲ የአንቺን ፕሮጀክት ይዘን እንሥራው። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቹ የያዝኳቸው ናቸው፤ አንቺ የጅማን የሰሞኑን ዋጋ ተኪባቸው። ቅጹ በዩሮ የሚሞላ ከሆነም መጀመሪያ በብር ሠርተሽ መጨረሻ ላይ ጥሪው በሚያዝዘው ምንዛሪ ቀይሪው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በድሮ ተመን የተሠራ በጀት ይዞ መሄድ አያዋጣም።

የመነሻ ጥናቱን እንጀምር። 1,200 ቤተሰብ አለሽ። ሁሉንም አትጠይቂም። በ95 በመቶ መተማመንና በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን ብዙ ሕዝብ ላይ የሚያስፈልገው ናሙና 384 ነው። የአንቺ ሕዝብ ትንሽ ስለሆነ ይቀንሳል፤ ለ1,200 ሲስተካከል ወደ 291 ይወርዳል። ቤቱ የማይገኝ፣ መልስ የማይሰጥ ስለማይጠፋ 10 በመቶ ጨምሪበት። 320 ብለሽ ያዢ።

አሁን ዋናው ጥያቄ አንድ መረጃ ሰብሳቢ በቀን ስንት ቤት ይደርሳል የሚለው ነው። ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው 10 ይላል። ጎማ ውስጥ ከአስፋልቱ ወጥቶ በእግሩ የሄደ ሰው 6 ይላል። መጠይቁ 45 ደቂቃ ከወሰደና ቤቶቹ ከተራራቁ 6 ደህና ቁጥር ነው። 320 ለ6 ሲካፈል 54 የሥራ ቀን ይሆናል። 6 መረጃ ሰብሳቢ ብትቀጥሪ 9 ቀን የመስክ ሥራ ነው። ሁለት ቀን ሥልጠናና አንድ ቀን የሙከራ ዳሰሳ ጨምሪበት። ያኔ የአንድ ሰው 12 ቀን፣ የስድስቱ 72 ቀን ይሆናል። በቀን 1,000 ብር ብንል 72,000 ብር። ሁለት ተቆጣጣሪ ለ12 ቀን በ1,500 ብር 36,000 ነው። መኪና ደግሞ ሁለት ያስፈልግሻል። ለ9 የመስክ ቀንና ለሙከራው ቀን ከሾፌርና ከነዳጅ ጋር በቀን 6,000 ብር ብንል 120,000 ይሆናል። የሥልጠናው ምሳና ሻይ ለ10 ሰው ለሁለት ቀን በ600 ብር 12,000። የኢንተርኔት ጥቅል ለ8 ስልክ 4,000።

ሰው ሁሌ የሚረሳው አንድ ነገር አለ፤ ትርጉም። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ወይም በአማርኛ ተጽፎ «መረጃ ሰብሳቢዎቹ መስክ ላይ ይተረጉሙታል» ይባላል። ስድስት ሰው ስድስት ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል ማለት ነው። አንዱ «ገቢ» ሲል ጠቅላላ ሽያጩን ይጠይቃል፣ ሌላው ወጪ ተቀንሶ የቀረውን። ስለዚህ ወደ አፋን ኦሮሞ ማስተርጎሚያና ሌላ ሰው መልሶ እንዲተረጉመው 20,000 ብር ያዢ። ድምሩ 264,000 ብር መጣ።

አሁን የት ይግባ? እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጥናቱን በውል ለተቀጠረ ቡድን ከሰጠሽው፣ 264,000ው በሙሉ ርዕስ 5 ላይ «ጥናት፣ ምርምር» የሚለው 5.2 ላይ ይቀመጣል። ጥናቱን የራስሽ ሠራተኞች የሚሠሩት ከሆነ ግን ያው ሥራ ይበተናል። ደመወዛቸው ቀድሞ 1.1 ላይ ስላለ ድጋሚ አይጻፍም። ውሎ አበላቸው 1.3 ላይ፣ መኪናው 2.2 ላይ ይሄዳል፤ የፕሮጀክቱ መኪና ከሆነ ደግሞ ነዳጁ 4.1 ላይ። 5.2 ላይ የሚቀረው ትርጉሙ ብቻ ይሆናል፤ ለዚያውም ቅጹ ለትርጉም የራሱ መስመር፣ 5.5 አለው። ሥራው አንድ ነው፣ ቦታው ግን በሠሪው ይለወጣል። ስለዚህ ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ማን እንደሚሠራው ወስኚ። «በኋላ እናየዋለን» ካልሽ ሁለቱም ቦታ ትጽፊያለሽ፤ ፕሮፖዛሉን የሚገመግመው ሰው ደግሞ ድግግሞሹን ያገኘዋል።

የመጨረሻው ዳሰሳ ያው ጥናት ነው፤ ግን ዋጋው ያው አይደለም። ከመነሻው ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው የሚሠራው። የኪራይ መኪና ዋጋ ሁለት ዓመት ቁጭ ብሎ አይጠብቅሽም። ለምሳሌ 30 በመቶ ጭማሪ ብንይዝ 343,200 ይሆናል። ይህንን «መጠባበቂያው ይሸፍነዋል» ብለሽ አትለፊው። መጠባበቂያው ከቀጥተኛ ወጪው 5 በመቶ በላይ አይሆንም፣ ያለ ለጋሹ የጽሑፍ ፈቃድም አይነካም። የታወቀ ጭማሪ መቀመጫው የአንዱ ዋጋ ዓምድ ላይ ነው። መነሻውንና መጨረሻውን ዳሰሳ ለየብቻ መስመር ስጫቸው፤ አንዱን በዛሬ ዋጋ፣ ሌላውን በተገመተው ዋጋ። ማብራሪያው ላይ ምን ያህል ጭማሪ እንደያዝሽና ለምን እንደሆነ ጻፊ።

ወቅቱንም ተመልከቺ። ፕሮጀክቱ ጥር ላይ ቢጀምር 24ኛው ወር ታኅሣሥ ላይ ይወድቃል። የመነሻ ጥናቱን የካቲት ላይ ሠርተሻል፣ ቡናው ተሽጦ ብሩ እጅ ላይ ባለበት ጊዜ። የመጨረሻውን ኅዳር ላይ ብትሠሪው ደግሞ ሰዉ ሁሉ ለቀማ ላይ ነው። ቤት የሚገኘው ሲመሽ ነው። በቀን 6 የነበረው 4 ይሆናል፤ 9 የመስክ ቀን የነበረው 14። ለተጨማሪው 5 ቀን የመኪናው ብቻ 78,000 ብር ነው፤ ሁለት መኪና በ7,800። ብሩ ቢገኝም እንኳ መልሱ አይነጻጸርም፤ ከሽያጭ በኋላ የተጠየቀ ገቢና በለቀማ መሀል የተጠየቀ ገቢ አንድ አይደሉም። ክረምቱም ሌላ ጣጣ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም አንዳንዱ ቀበሌ መኪና አያስገባም።

መፍትሔው ጥሪው ከፈቀደ ፕሮጀክቱን ሁለት ወር ማርዘም ወይም መጀመሪያውን ማዘዋወር ነው። ሌላም በር አለ። በኅብረቱ ውል ወጪ ተቀባይነት የሚያገኘው በትግበራ ጊዜ ውስጥ ሲፈጠር ቢሆንም የመጨረሻ ሪፖርት፣ የወጪ ማረጋገጫና የማጠቃለያ ግምገማ ወጪ ከዚያ በኋላም ተቀባይነት ሊያገኝ ይችላል። ይሄ ጥሩ ነው። ግን ሠራተኞችሽ በታኅሣሥ ውላቸው ካለቀ የካቲት ላይ ገምጋሚውን ማን ይዞ ይዞራል? ይህን ሳታስቢ በሩን አትጠቀሚበት።

ወደ ገምጋሚው እንሂድ። የውጭ ገምጋሚ መስመሩ 5.4 ነው፤ ቅጹ ላይ «የግምገማ ወጪ» ተብሎ በስም ተጽፏል። የማጠቃለያ ዳሰሳው 343,200ም የግምገማው አካል ስለሆነ እዚሁ ከጎኑ በራሱ መስመር ይቀመጣል። በብዛት የሚበላሸው የባለሙያው ቀን ነው። ሰዉ የመስኩን ቀን ብቻ ይቆጥራል። ገምጋሚው ሰነድ ያነባል፣ የሥራ መጀመሪያ ሪፖርት ይጽፋል፣ መስክ ይወጣል፣ መረጃ ይተነትናል፣ ረቂቅ ያቀርባል፣ አስተያየት ተቀብሎ ያርማል። እንዲህ ላለ ሥራ ለመሪው 25 ቀን፣ ለረዳት ባለሙያው 15 ቀን ያዢ። 12,000 እና 8,000 ብር በቀን ብንል 300,000 እና 120,000 ይሆናል። ከአዲስ አበባ ጅማ መጓጓዣና ማደሪያቸው 50,000። ድምሩ 470,000።

ቆይ፣ አላለቀም። ለቫት የተመዘገበ አማካሪ 15 በመቶ ይጨምራል፤ 70,500 ብር። ድርጅትሽ ቫቱን መልሶ የማያገኝ ከሆነ ያ ወጪሽ ነው። ታክስ ተቀባይነት እንዳለው የጥሪውን መመሪያ አይተሽ ካረጋገጥሽ በኋላ 540,500 ብለሽ ጻፊ። አንድ የማውቀው ድርጅት ቫቱን ረስቶ ጨረታ አወጣ። የመጣው ዝቅተኛ ዋጋ ከበጀቱ በላይ ሆነ። የመስክ ቀኑን ቆረጡ፣ ሦስት ወረዳ የነበረው አንድ ወረዳ ሆነ። ሪፖርቱ የሚገርም ነበር፤ ስለ ሦስቱም ወረዳ ይናገራል፣ ያየው ግን አንዱን ነው።

የግኝት ማቅረቢያ ስብሰባው የገምጋሚው ውል ውስጥ ባይገባ ይሻላል። 30 ሰው በ1,500 ብር 45,000 ብር፤ ቦታው 5.7፣ ስብሰባና ሴሚናር የሚለው።

የክትትል ኦፊሰሩን እንየው። ደመወዝ 35,000 ብር ብንል ቅጹ ላይ የሚጻፈው 35,000 አይደለም። የአሠሪው ጡረታ 11 በመቶ አለ፤ 38,850 ይሆናል። በ24 ወር 932,400 ብር። ቦታው 1.1.1፣ ቴክኒካል ሠራተኛ። 1.1.2 አስተዳደራዊና ድጋፍ ሰጪ ላይ አታስገቢው፤ ለምን እንደሆነ ፋይናንስ ኃላፊው ጋ ስንደርስ እነግርሻለሁ። ሰውየው ግማሽ ጊዜውን ሌላ ፕሮጀክት ላይ የሚሠራ ከሆነ 50 በመቶውን ብቻ ጻፊ፤ ከዚያ በየወሩ ታይምሺት ያስፈልገዋል። ኦዲተር ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።

የመስክ ክትትሉ በወር 6 ቀን ቢሆን በ24 ወር 144 ቀን ነው። በ900 ብር አበል 129,600። ይህ 1.3.2 ላይ ነው፤ ለፕሮጀክቱ የተመደቡ ሠራተኞች የአገር ውስጥ አበል። የሞተር ሳይክሉ ነዳጅ በወር 4,000 ብር 96,000 ሲሆን 4.1 ላይ ይሄዳል። የፕሮጀክቱን የተሽከርካሪ ነዳጅ ቀድመሽ በጅምላ 4.1 ላይ ከያዝሽ ይህን ቀንሺው፣ ሁለቴ እንዳይቆጠር።

ቀጥሎ ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች በማያውቁትና እኛ በየዓመቱ በምንኖረው ነገር ላይ እንድረስ፤ የመንግሥት ባለድርሻዎች። ከዞንና ከወረዳ ሴክተር ጽሕፈት ቤቶች ጋር የፕሮጀክት ስምምነት ትፈራረሚያለሽ። ስምምነቱ የጋራ ክትትል፣ የአጋማሽና የማጠቃለያ ግምገማ ይጠይቃል፤ ወጪው ከፕሮጀክቱ ነው። በዓመት ሁለት የጋራ ክትትል ብንይዝ በሁለት ዓመት አራት ይሆናል። 8 ሰው፣ 3 ቀን፣ 1,000 ብር፤ አንዱ 24,000፣ አራቱ 96,000። ለሁለቱ የመንግሥት ግምገማዎች 10 ሰው ለ4 ቀን 80,000። አንድ ላይ 176,000 ብር።

ይህ የት ይግባ? 1.3.2 ላይ አይደለም፤ መስመሩ የሚለው «ለፕሮጀክቱ የተመደቡ ሠራተኞች» ነው፣ የወረዳው ባለሙያ ሠራተኛሽ አይደለም። 1.3.3 የስብሰባ ተሳታፊዎች ይላል፤ የመስክ ጉብኝት ስብሰባ አይደለም። እኔ ርዕስ 6 ላይ ሙሉ ስሙን ሰጥቼ አስቀምጠዋለሁ፤ «የዞንና የወረዳ ሴክተር ጽሕፈት ቤቶች የጋራ ክትትልና ግምገማ ጉዞ» ብዬ። «ሌላ» የሚለው ርዕስ የተሠራው እንዲህ ላለው ነው፤ ለጅምላ መጣያ አይደለም። የጥሪው የጥያቄ ጊዜ ካላለፈ ግን ለጋሹን በጽሑፍ ጠይቂ። ለመንግሥት ሠራተኛ በሚከፈል አበል ላይ ለጋሾች የየራሳቸው ገደብ አላቸውና።

እንደምረው፤ ኦፊሰሩ 932,400፣ አበሉ 129,600፣ ነዳጁ 96,000፣ መነሻ ጥናቱ 264,000፣ ማጠቃለያ ዳሰሳው 343,200፣ ገምጋሚው 540,500፣ ስብሰባው 45,000፣ የመንግሥት ባለድርሻዎች 176,000። ጠቅላላው 2,526,700 ብር ነው። ከ30 ሚሊዮኑ 8.4 በመቶ ገደማ። አንቺ 5 በመቶ ብለሽ የያዝሽው 1.5 ሚሊዮን ነበር። ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ጎድሎሻል።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። የኦፊሰሩን ደመወዝ ካወጣሽው 1,594,300 ይቀራል፤ 5.3 በመቶ። ስለዚህ አንዱ «5 በመቶ»፣ ሌላው «8 በመቶ» ብለው ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ አንድ በጀት ነው፤ አንዱ ደመወዙን ቆጥሮ፣ ሌላው ሳይቆጥር። ለጋሽ «ለክትትልና ግምገማ ስንት መደብሽ?» ብሎ ሲጠይቅሽ ቁጥሩን ብቻ አትስጪው። ምን እንዳካተትሽ አብረሽ ንገሪው።

ይህን ቁጥር ለማወቅ የተበታተነውን መሰብሰቢያ ያስፈልግሻል። የለጋሹን ፋይል አትንኪው፤ ዓምድ ከጨመርሽበት ሊመለስብሽ ይችላል። ኮፒ አድርጊና በኮፒው ላይ ባዶ ዓምድ ያዢ። በእያንዳንዱ መስመር ፊት የክትትሉን ድርሻ ጻፊ፤ ሙሉ በሙሉ የክትትል ከሆነ 1፣ ግማሹ ከሆነ 0.5። ጠቅላላ ወጪው E፣ ድርሻው H ላይ ከሆነ እንዲህ ይሰላል፦

```
=SUMPRODUCT(E5:E80,H5:H80)
```

የንዑስ ድምር ረድፎች ላይ H ባዶ መሆኑን አረጋግጪ፤ አለዚያ ሁለቴ ይቆጠራሉ። ይህችን ኮፒ አትጣያት። ፕሮጀክቱ መሀል ላይ በጀት ሲዛወር የመጀመሪያው ተጠቂ የግምገማ መስመር ነው። በኅብረቱ ውል በርዕሶች መካከል የርዕሱን የመጀመሪያ መጠን እስከ 25 በመቶ ያለ ውል ማሻሻያ ማዛወር ይቻላል፤ አሳውቆ ብቻ። ርዕስ 5 ውስጥ ካለ መስመር ወደ ሌላ መስመር ደግሞ ከዚህም ይቀላል። ኮፒዋ ካለችሽ 8.4ቱ በመቶ ስንት እንደቀረ በየሩብ ዓመቱ ታያለሽ።

አሁን ወደ ፋይናንስ ኃላፊያችሁ። «አስተዳደራዊ ነው» ያሉት ከባዶ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን 70/30 የሚባለው ሕግ ነበር። አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። በመመሪያው ደግሞ ክትትልና ግምገማን የመሰለ ወጪ አስተዳደራዊ ተብሎ ይመደብ ነበር። ያን ዘመን ያሳለፈ የሒሳብ ሰው ዛሬም እጁ ወደዚያው ይሄዳል። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ግን ነገሩ ተቀይሯል። ወሰኑ 20 በመቶ ሆነ፤ ትርጉሙም ጠበበ። አስተዳደራዊ የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘ፣ ግን ድርጅቱ እንዲቀጥል የሚያስፈልግ ወጪ ነው። የፕሮጀክት የመነሻ ጥናት በምን ሒሳብ ከፕሮጀክቱ ጋር አይያያዝም? ኦፊሰሩን 1.1.2 ላይ አታስገቢው ያልኩሽም ለዚህ ነው። የለጋሹ ቅጽ ላይ «አስተዳደራዊ» የሚል ስም ካገኘ፣ ከዞኑ ጋር ስትፈራረሚ ያንኑ ስም ይዞ ወደ 20 በመቶው ይገባብሻል።

ኦዲት ግን ሌላ ነው። የኦዲት ክፍያ በአዋጁ የአስተዳደር ዝርዝር ውስጥ በስሙ አለ። የለጋሹ ቅጽ ላይ ቦታው 5.3 ነው፣ ከግምገማው በፊት የሚገኝ ጎረቤት፤ ለዚያ ነው ብዙ ሰው አብሮ የሚደምረው። የወጪ ማረጋገጫ ክትትልና ግምገማ አይደለም። 8.4ቱ ውስጥ አታስገቢው። እንዲሁም ኅብረቱ ራሱ የሚልካቸው የክትትል ባለሙያዎች ሊመጡ ይችላሉ፤ የእነሱን የሚከፍለው ኅብረቱ ነው፣ ካንቺ በጀት አይደለም።

ቀጥተኛ ያልሆነውን 7 በመቶም ለዚህ አትቁጠሪበት። «የጎደለውን የክትትል ብር ከዚያ እንሸፍናለን» የሚል ሰው አይጠፋም። በሌላ ርዕስ የተያዘ ወጪ እዚያ ሊገባ አይችልም። ድርጅቱ የዋናው ቢሮ ኪራይና የሒሳብ ሹሙን ደመወዝ የሚሸፍነው ደግሞ ከዚያ ነው።

የሌላ ለጋሽ ቅጽ ሲገጥምሽ አንዳንዱ በውጤት የተደራጀ ነው፤ ውጤት አንድ፣ ውጤት ሁለት፣ ከዚያ ክትትልና ግምገማ ብሎ የራሱን ክፍል ይሰጣል። እዚያ ችግሩ ይገለበጣል። ኦፊሰሩ «ሠራተኛ» ላይም «ክትትል» ላይም ሁለቴ ይጻፋል። ያቺው ኮፒ እዚያም ታድንሻለች።

የቀረሽ ማብራሪያው ገጽ ነው፤ ቅጹ ውስጥ ሁለተኛው ሉህ። እዚያ ላይ «የመነሻ ጥናት፣ 264,000 ብር» ብቻ ብለሽ አትለፊ። እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «የመነሻ ጥናት በ3 ወረዳ፣ 320 ቤተሰብ። አመልካች 1 እና 3ን ለመለካት። 6 መረጃ ሰብሳቢ × 12 ቀን፣ 2 ተቆጣጣሪ × 12 ቀን፣ 2 መኪና × 10 ቀን፤ የሥልጠና ምሳና ሻይ፣ የኢንተርኔት ጥቅል፣ የመጠይቅ ትርጉም ወደ አፋን ኦሮሞ። ዋጋው በጅማ ከተማ ከ3 አቅራቢዎች በተሰበሰበ ዋጋ ላይ የተመሠረተ።» የዋጋ ማቅረቢያዎቹን ደግሞ ፋይል አድርጊያቸው። ለጋሹ ሲጠይቅሽ ያን ጊዜ ሦስት ቀን አይፈጅብሽም።

አንድ ነገር ግን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ፤ የወረዳዎቹ ባለሙያዎች የአበል ተመን አሁን ስንት ነው? የ1,000 ብሩን ግምት ከዞኑ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት አረጋግጪና ልክ ካልሆነ 176,000ውን አስተካክዪው፤ ከተመኑ በላይ ከያዝሽ ኦዲተሩ ይመልሰዋል፣ በታች ከያዝሽ ደግሞ ጉዞው ይቀርብሻል።